96 ብር የምን ዋጋ ነበር? የአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት የዋጋ ኢሜይል

መነሻ

ይህን ጉዳይ የምጽፈው በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት ማተሚያ ቤት በዋጋ ማሸነፍ የምትችለውን ሥራ በአንድ ኢሜይል ምክንያት ስላጣች ነው። ማተሚያ ቤቷ ዓባይ ማዶ ናት። ከባለቤቱ ጋር አምስት ሰው ይሠራባታል። ሁለት ዲጂታል ማተሚያ፣ አንድ ባለ አንድ ቀለም ኦፍሴትና አንድ መቁረጫ አላት። እኔ እዚያ የምገባው በሳምንት ሁለት ቀን ሲሆን ደብዳቤና ሒሳብ አያለሁ። ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት በአንድ ድርጅት የግዥ ክፍል ስለሠራሁ፣ የዋጋ ኢሜይል ከሚልከውም ከሚቀበለውም ጠረጴዛ ተቀምጬ አውቃለሁ። የሰዎቹንና የድርጅቶቹን ስም ትቻለሁ።

ጠያቂው በጣና ዳር ቀበሌዎች የሚሠራ የአንድ ድርጅት ፕሮጀክት ቢሮ ነበር። እምቦጭን በእጅ ነቅሎ ከሐይቁ ስለማራቅ ለገበሬዎች የሚሰጥ ቡክሌት ፈለገ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ ኤ5 መጠን፣ 24 ገጽ፣ ሽፋኑ ባለቀለም፣ 1,000 ቅጂ፣ ዋጋችሁን ላኩልን።

የተላከው ኢሜይል

ባለቤቱ ፕሮፎርማውን በእጁ ሞልቶ ማኅተም አደረገበት፣ በስልኩ ፎቶ አነሳውና ላከው። የኢሜይሉ ርዕስ «ዋጋ» የሚል ብቻ ነበር። ውስጡ ይህ ነበር፦

«ጤና ይስጥልን። በጠየቃችሁን መሠረት ፕሮፎርማ አያይዘናል። እናመሰግናለን።»

አባሪው `IMG_2043.jpg` ይባላል። ኢሜይሉን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ከመላኩ በፊት ግን አይቼዋለሁ፣ «ይሄዳል» ያልኩትም እኔ ነኝ። ዋጋው ትክክል መሆኑን ነበር ያየሁት። በአንዱ 96 ብር፣ በድምሩ 96,000 ብር። ስሌቱን ሁለት ጊዜ ደምሬ አረጋገጥኩ። ኢሜይሉን ሌላ ሰው ሲከፍተው ምን ያነብበታል ብዬ አልጠየቅኩም፤ ጥፋቴ ይህ ነው።

ምን ተፈጠረ

ከአሥር ቀን በኋላ የግዥ ሠራተኛዋ ደወለች። አሸንፋችኋል፣ ደረሰኝ ስትቆርጡ ጠቅላላው ስንት ይሆናል አለች። ባለቤቱ «ከነቫቱ 110,400» ሲላት ዝም አለች። እሷ የያዘችው 96,000 ነበር። ፕሮፎርማው ግርጌ ላይ «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የሚል መስመር ነበረ፤ በፎቶው ላይ ግን የወረቀቱ ጠርዝ ተጣጥፎ ጥላ ስላረፈበት አይነበብም። ሁለተኛው ተወዳዳሪ በኢሜይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ «በአንዱ 108 ብር፣ ቫትን ጨምሮ» ብሎ ጽፎ ነበር። የእኛ 96 ወደ 110 ከ40 ሲወጣ ርካሽ የነበረው ውድ ሆነ። ከሁሉ የከፋው ግን ለኮሚቴው ያቀረበችውን የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ መልሳ ማረም ነበረባት። በአለቆቿ ፊት የተሳሳተች መሰለች፤ ሥራውም ለሌላው ሄደ።

ባለቤቱ ይህን እንደ ዕድል ማጣት ሊተወው ነበር። እኔ ግን የግዥ ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚሞላ ስለማውቅ ነገሩ አላረፈልኝም። ከሳምንት በኋላ ደውለን ጥቂት ጥያቄ ልንጠይቃት ፈቃድ ለመንናት። ደግ ሰው ናትና አንድ በአንድ ነገረችን። በጣም ያንገበገበኝ በመጨረሻ የነገረችን ነው።

«ጋሼ፣ የእናንተ ቡክሌት ስንት ገጽ ነበር?» አለችው።

«24 ነዋ፣ እንደጠየቃችሁት።»

«ሽፋኑን ጨምሮ?»

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞረ። እሱ ያሰላው ውስጡን 24፣ ሽፋኑን ደግሞ ለብቻው 4 ገጽ አድርጎ ነው፤ ማለትም 28። እነሱ የፈለጉት ሽፋኑን ጨምሮ 24 ነበር፣ ውስጡ 20። ተወዳዳሪው በኢሜይሉ ላይ «ሽፋኑን ጨምሮ 24 ገጽ» ብሎ ጽፏል። እኛ እነሱ ከጠየቁት የበለጠ ወፍራም ለሆነ መጽሐፍ ዋጋ ሰጥተን ኖሯል፣ ማንም አላወቀም።

ልዩነቱን ያን ቀን ማታ ተቀምጠን አሰላነው። ኤ5 ቡክሌት ሲታጠፍ አንድ የኤ4 ቅጠል አራት ገጽ ይሰጣል። ውስጡ 24 ገጽ ከሆነ ለአንድ ቅጂ 6 ቅጠል፣ ለ1,000 ቅጂ 6,000 ቅጠል፣ ብላሽን ሳይጨምር 12 ደስታ ወረቀት ይሆናል። ውስጡ 20 ከሆነ 5 ቅጠል፣ 10 ደስታ። የኦፍሴቱ አንድ ፕሌት አራት ገጽ ስለሚይዝ 6 የነበረው ፕሌትም 5 ይሆናል። በዚህ ስሌት በአንዱ 88 ብር መስጠት እንችል ነበር። ከ15 በመቶ ቫት ጋር 101 ብር ከ20፣ በድምሩ 101,200። ተወዳዳሪው 108,000 ነበር። በትክክለኛው ሥራ ላይ እኛ ርካሽ ነበርን።

ሦስተኛው ነገር ቀኑ ነው። ፕሮፎርማው ላይ የጸናበት ጊዜ «እስከ 05/02/2018» ተብሎ ተጽፏል፤ ጥቅምት 5 ማለታችን ነው። ሰነዱ ለማጽደቅ የሄደው አዲስ አበባ ወዳለው ዋና ቢሮ ሲሆን፣ እዚያ ያለው የፋይናንስ ሰው የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፌብሩዋሪ ወር አድርጎ፣ ዓመቱንም ሰባት ዓመት ወደ ኋላ አንብቦ ጊዜው ያለፈበት ፕሮፎርማ ነው ብሎ ጥያቄ አነሳ። ይህን ማብራራት ለእሷ ሌላ ሁለት ቀን ወሰደባት።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

በመጀመሪያ ፎቶ መላክ አቆምን። ፕሮፎርማው በኮምፒውተር ተዘጋጅቶ፣ ታትሞ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት በስካነር ወደ ፒዲኤፍ ይገባል። የፋይሉ ስም ቁጥሩንና ሥራውን እንዲናገር አደረግን፣ ለምሳሌ `Proforma_0163_Booklet_800.pdf`። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የግዥ ሠራተኛ ከሦስት ማተሚያ ቤት የመጡ ሦስት ፋይሎችን አውርዳ አንድ ፎልደር ውስጥ ስታስቀምጥ `IMG_2043.jpg` የማን እንደሆነ ማወቅ የምትችለው ከፍታ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ኢሜይሉን ራሱን ጻፍን፣ እዚህ ላይም ተሳሳትን። በነበረው ንዴት የመጀመሪያው ረቂቅ 14 ነጥብ ሆነ። የቀለም ልዩነት ኃላፊነት፣ የመብራት መቋረጥ፣ የቅድሚያ ክፍያ፣ የቅጂ መብት፣ የብላሽ ወረቀት፣ ሌላም። በዚህ መልክ ለአንድ ሆቴል የምግብ ዝርዝር ዋጋ ላክንበት። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ «ዋጋው የቱ ጋ ነው?» አለን። ዋጋው ዘጠነኛው ነጥብ ላይ ነበር። ራሳችንን ለመከላከል የጻፍነውን ረቂቅ ለአንባቢ ልከነው ኖሯል።

ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ይዘን ጀመርን፦ ይህን ኢሜይል የምትከፍተው ሰው በሠንጠረዧ ላይ ልትሞላው የሚገባት ምንድን ነው? እኔ ራሴ ስሞላ የነበሩት ዓምዶች ትዝ አሉኝ። ጠቅላላ ዋጋ ከነቫቱ፣ ዝርዝር መግለጫ፣ የማስረከቢያ ጊዜ፣ ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ወይ ትደውላለች፣ ወይ ገምታ ትሞላለች፤ ካልሆነም ባዶ ትተወዋለች። ሦስቱም ለእኛ አይበጁም። ሌላው ሁሉ ፕሮፎርማው ጀርባ ላይ መቀመጥ ይችላል።

ከጥሪው በኋላ የላክነው ኢሜይል

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ያቺው ሠራተኛ ራሷ ሌላ ሥራ ይዛ መጣች፤ ለዓሣ አስጋሪዎች የሚታደል ቡክሌት። ይህን ላክንላት፦

«ርዕስ፦ የዋጋ ማቅረቢያ ቁጥር 0163፣ የዓሣ አስጋሪዎች ቡክሌት፣ 800 ቅጂ

ጤና ይስጥልን። ኅዳር 2 ቀን የጠየቃችሁንን ዋጋ በፕሮፎርማ ቁጥር 0163 አያይዘናል።

ጠቅላላ ዋጋው ቫትን ጨምሮ 66,240 ብር ነው፤ ይኸውም በአንዱ 72 ብር ሒሳብ 57,600 ብር፣ 15 በመቶ ቫት 8,640 ብር። ባሕር ዳር ያለው ቢሯችሁ ድረስ ማድረስን ይጨምራል።

ዋጋው የተሰላው ለዚህ ሥራ ነው፦ ኤ5 መጠን፣ ሽፋኑን ጨምሮ 16 ገጽ (ውስጡ 12፣ ሽፋኑ 4)። ውስጡ 80 ግራም ነጭ ወረቀት በጥቁር ቀለም፤ ሽፋኑ 250 ግራም አርት ካርድ በሙሉ ቀለም፣ በውጭ በኩል ማት ላሚኔሽን። ጥረዛው መሐሉ ላይ በሁለት ስቴፕል። ለሕትመት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ትሰጡናላችሁ ብለን ስለያዝን ዲዛይንና ለቀማ አልተጨመረበትም።

ቅጂው 1,200 ቢሆን ጠቅላላው ከነቫቱ 88,320 ብር ይሆናል፤ በአንዱ 72 የነበረው ወደ 64 ብር ይወርዳል።

የሙከራ ሕትመቱን ዓይታችሁ ከፈረማችሁበት ማግስት ጀምሮ በ7 የሥራ ቀን እናስረክባለን። ዋጋው እስከ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 (በፈረንጅ ኖቬምበር 28 ቀን 2025) ይጸናል። ከዚያ በኋላ ብትወስኑ የሚታደሰው የወረቀቱ ድርሻ ብቻ ነው።

አንድ ነገር እንድታረጋግጡልን፦ 16 ገጹ ሽፋኑን ይጨምራል ብለን መያዛችን ልክ ነው? ከሆነ የግዥ ትዕዛዙን ለዚሁ ኢሜይል መልስ አድርጋችሁ ልትልኩልን ትችላላችሁ።»

ከግርጌው የባለቤቱ ስም፣ ስልክ፣ የማተሚያ ቤቱ ቲን ቁጥርና አድራሻ አለ። ይኸው ነው፣ በስልክ ስክሪን ላይ ሁለት ጊዜ በጣት ገፋ ሲደረግ ያልቃል።

የሠራው

መልሱ በማግስቱ መጣ። 16ቱ ገጽ ሽፋኑን እንደሚጨምር ካረጋገጠች በኋላ ያልጠበቅነውን ጨመረች፤ አለቃዋ የ1,200ውን ዋጋ አይቶ ወደዚያ ከፍ እንዲል ወስኗል። ያ መስመር ለምን እንደሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ውስጡ 12 ገጽ ስለሆነ ፕሌቱ 3 ነው፤ 800 ታተመም 1,200 ያው 3 ነው። ማሽን ማስተካከልና ቀለም ማመዛዘንም አንድ ጊዜ ነው። እነዚህ ወጪዎች በብዙ ቅጂ ላይ ሲካፈሉ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ይህን ደንበኛ አያውቅም፣ የማወቅ ግዴታም የለበትም፤ ለእኛ ግን ግልጽ ስለነበር ለዓመታት ሳንናገረው ቆይተናል። ያም ሆኖ ሁለተኛ አማራጭ አንድ ብቻ ይሁን። በኋላ ለሌላ ደንበኛ አራት የቅጂ መጠን ደርድረን ልከን ውሳኔው ሁለት ሳምንት ዘገየ።

ስለ ወረቀት የጻፍነው ዓረፍተ ነገርም ዋለልን። ወረቀት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ፣ እኛ የምንገዛባቸው አከፋፋዮች ዋጋ ረዘም ላለ ጊዜ አይዙልንም። ስለዚህ ከ15 ቀን በላይ ማጽናት አንችልም። የደንበኛው ኮሚቴ ደግሞ አንዳንዴ ወር ይፈጃል። «ጊዜው ካለፈ ዋጋው ይለወጣል» ብቻ ሲባል ደንበኛው ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ ልንተምን ነው ብሎ ይሰጋል። የሚለወጠው የወረቀቱ ድርሻ ብቻ መሆኑን ስንነግረው ግን የስጋቱን ልክ ያውቀዋል፤ በዚህም ሥራ ላይ ቀኑ ቢያልፍ ኖሮ ፕሌቱ፣ ላሚኔሽኑና የእጅ ዋጋው እንዳለ ይቆይ ነበር።

ዲዛይንና ለቀማ እንዳልተጨመረ መጻፋችን ደግሞ ከሌላ መዘዝ አዳነን። ጽሑፉን በመጀመሪያ የላኩት በወርድ ፋይል ሲሆን፣ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የቆየ የግዕዝ ፊደል ነው። ያ ፊደል በሌለው የእኛ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ወጣ። እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ተቀምጠን እንደ አዲስ እንለቅመው ነበር፣ ያለ ክፍያ። አሁን ግን ኢሜይሉን ጠቅሰን ከዲዛይነራቸው ፊደሉ አብሮት የተቀመጠ ፒዲኤፍ ጠየቅን፤ በሁለተኛው ቀን መጣ፣ ማንም ቅር አላለውም።

ያልሠራው

ማስረከቢያው ዘገየ። «ከፈረማችሁበት ማግስት ጀምሮ» ያልነው ጥሩ ነበር። በስምምነት ቀን ብንጀምር ኖሮ የእነሱ መዘግየት በእኛ ላይ ይቆጠር ነበር። ግን ማን እንደሚፈርም አልጠየቅንም። የሙከራ ሕትመቱን ወስደን ለግዥ ሠራተኛዋ ሰጠናት። እሷ መፈረም አትችልም፤ የሚፈርመው የፕሮጀክቱ የሥልጠና ኃላፊ ነው፣ እሱ ደግሞ ደምቢያ በመስክ ላይ ነበር። አምስት የሥራ ቀን እንዲሁ አለፈ። በወረቀት ላይ ጥፋቱ የእኛ አልነበረም፤ አስጋሪው ጋ መድረስ ያለበት ቡክሌት ግን ዘግይቶ ደረሰ። አሁን በኢሜይሉ ላይ «የሙከራ ሕትመቱን የሚፈርመው ማን ነው?» የምትል ጥያቄ ጨምረናል፤ ሰውየው መስክ ላይ ከሆነም በፒዲኤፍ አይቶ በኢሜይል እንዲያጸድቅ እንጠይቃለን። ይህ የራሱ ገደብ አለው። ስክሪን ላይ የፊደል ግድፈትና የገጽ ቅደም ተከተል ይታያል እንጂ የሽፋኑ ቀለም ወረቀት ላይ የሚወጣበትን አያሳይም፤ የሎጎ ቀለም ወሳኝ በሆነበት ሥራ ላይ የታተመውን ሳያዩ አንቀበልም።

የቅድሚያ ክፍያ ነገርም አልተፈታልንም። ከኢሜይሉ አውጥተን ፕሮፎርማው ላይ ብቻ ተውነው። ይህ ድርጅት ከርክክብ በኋላ ስለሚከፍል ችግር አልሆነም። አንድ ለሠርግ ጥሪ የመጣ ቤተሰብ ግን ግማሹን አስቀድሞ መክፈል እንዳለበት ያወቀው ሊወስድ ሲመጣ ነው፤ ተቀያየምን። ለግለሰብ ደንበኛ ይህ መስመር ከዋጋው ቀጥሎ መምጣት አለበት።

ለሌላ ማተሚያ ቤት የሚሸጋገረው

ዋጋ ከመጻፋችሁ በፊት ዋጋው የምን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ጻፉ፤ መጠን፣ የገጽ ቁጥር ከነሽፋኑ፣ ወረቀት በግራም፣ ቀለም፣ ጥረዛ፣ ያልተጨመረው። የደንበኛው ጥያቄ ሁለት ትርጉም ሲኖረው አንዱን መርጣችሁ መያዛችሁን ተናገሩና አረጋግጥልኝ በሉ። ጥያቄውን ብቻ ልኮ መልስ መጠበቅ ጊዜ ያባክናል፤ ሳይጠይቁ መገመት ደግሞ እኛን የ101,200 ብር ሥራ አሳጥቶናል። ከገጽ ቁጥር ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ሁለት ትርጉም የሚኖረው «ባለቀለም» የሚለው ቃል ነው፦ ሽፋኑ ብቻ ነው ወይስ ውስጡም? ሽፋኑ ከሆነስ በአንድ ፊት ነው በሁለቱም?

ጠቅላላውን ከነቫቱ አስቀድሙ፣ ዝርዝሩን አስከትሉ። ቀን ስትጽፉ ወሩን በስሙ ጥሩት፤ 05/02 የሚል ቀን ለአንዱ ጥቅምት፣ ለሌላው ፌብሩዋሪ፣ ለሦስተኛው ሜይ ነው። ሰነዱ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ሰው የሚሄድ ከሆነ ሁለቱንም አቆጣጠር አስቀምጡ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዋጋ በኢሜይል በሚጠየቅበት ጊዜ ነው። ዋጋ በታሸገ ፖስታ እንዲገባ በሚያዝ ጨረታ ላይ ኢሜይል መላክ ምስጢሩን አስቀድሞ መክፈት ስለሚሆን ከውድድር ሊያስወጣችሁ ይችላል። እዚያ ላይ መግለጫውን የያዘው አንቀጽ ወደ ፕሮፎርማው ራሱ ይገባል፣ ፖስታው ውስጥ አብሮ ይታሸጋል። እኛም ባለፈው ወር ለአንድ የመንግሥት ቢሮ እንዲሁ አደረግን፤ ውጤቱ ገና አልወጣም።